የቶኪዮ ሩብ በመቶ፣ የአዲስ አበባ 15 በመቶ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ ጠዋት አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ሁሉ ስልኩን የሚከፍተው አንድ ነገር ለማየት ነበር፤ ዶላር ስንት ገባ? ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ በለቀቀበት በዚያ ቀን፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በንግድ ባንክ ሰሌዳ ከ74 ብር በላይ ሆኖ ዋለ። ሦስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ደግሞ ብሔራዊ ባንክ በአዲሱ የገንዘብ ፖሊሲው የፖሊሲ ወለድ ተመኑን 15 በመቶ አድርጎ አውጆ ነበር። ስለ ዶላሩ ያላወራ አልነበረም። ስለ 15 በመቶው ግን ከጥቂት የባንክ ሰዎች በቀር ያነሳብኝ ሰው አላጋጠመኝም።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ ሐምሌ 24 የጃፓን ማዕከላዊ ባንክ ቦርድ ቶኪዮ ውስጥ ተሰብስቦ የወለድ ተመኑን ከ0 እስከ 0.1 በመቶ ከነበረበት ወደ 0.25 በመቶ አነሳው። ሰባት ደገፉ፣ ሁለት ተቃወሙ። ሩብ በመቶ! የእኛ ሰው ቁጠባውን በዚህ ወለድ አስቀምጥ ቢባል እንደ ቀልድ ይቆጥረዋል። በአምስተኛው ቀን ሰኞ የቶኪዮ አክሲዮን ገበያ በአንድ ቀን 12.4 በመቶ ወደቀ፤ ከእ.ኤ.አ. 1987 ወዲህ ያልታየ አወዳደቅ ነበር። የሴኡል ገበያ ወደ 9 በመቶ የሚጠጋ ኪሳራ አስተናገደ፤ ኒው ዮርክም 3 በመቶ አጣች።

እንግዲህ የወለድ ውሳኔ ከማዕከላዊ ባንክ ደጅ ወጥቶ ወደ ምንዛሪ፣ ወደ ቦንድና ወደ አክሲዮን የሚደርሰው በየት በኩል ነው? በአንድ ወር ውስጥ የወጡት እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ጥያቄውን ለመዳሰስ ጥሩ መነሻ ይሆናሉ። የቁጥሩ ትልቅነት ራሱ ብዙ እንደማይነግረን አስቀድሜ ልናገር። የሚሻለው ሁለት ነገር መጠየቅ ነው፤ ገበያው ምን ጠብቆ ነበር? ያንን ተማምኖ የተበደረውስ ማን ነው?

ማዕከላዊ ባንክ የሚወስነው ወለድ እኛ ለቤት ወይም ለንግድ የምንከፍለውን አይደለም። የሚወስነው፣ ባንኮች አንዱ ከሌላው ለአንድ ሌሊት ገንዘብ ሲበዳደሩ የሚከፍሉትን ዋጋ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ግምት ነው። ለአሥር ዓመት የሚያበድር ሰው በሌላ አነጋገር 3,650 ሌሊት በተከታታይ እያበደረ ነው፤ የዛሬዋን ሌሊት ዋጋ ያውቃል፣ የቀሩትን ይገምታል። ስለዚህ ዋጋ የሚጠይቀው በዛሬው ተመን ብቻ ተመሥርቶ አይደለም፤ ማዕከላዊ ባንኩ በሚቀጥሉት ዓመታት ሊያደርግ ይችላል ብሎ ባሰበው ሁሉ ላይ ነው፤ በዚያም ላይ ለስጋቱ ትንሽ ይጨምርበታል።

የተጠበቀ ውሳኔ በዕለቱ ምንም ሳያንቀሳቅስ የሚያልፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዋጋው ውስጥ የገባው ከሳምንታት በፊት ነውና። በገበያው ሰዎች ዘንድ ከውሳኔው ይልቅ የገዥው ጋዜጣዊ መግለጫ በጥንቃቄ የሚደመጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሐምሌ 24 ቀን በቶኪዮ የሆነውም ይኸው ነው። አብዛኞቹ ኢኮኖሚስቶች በዚያ ስብሰባ ጭማሪ አልጠበቁም ነበር። ጭማሪው ሲመጣ ግን የቶኪዮ ገበያ በዕለቱ አልደነገጠም፤ እንዲያውም 1.5 በመቶ ከፍ ብሎ ዘጋ። ነገሩ የተበላሸው ገበያው ከተዘጋ በኋላ ገዥው ካዙዎ ኡዌዳ ጋዜጠኞች ፊት ሲቀመጡ ነው። ኢኮኖሚው በታሰበው መንገድ ከሄደ ወለዱ ገና እንደሚጨምር፣ 0.5 በመቶም እንደ አጥር የሚቆጠር ድንበር አለመሆኑን ተናገሩ። ሩብ በመቶው የአንድ ሌሊት ጉዳይ ነበር። ይህ ንግግር ግን የቀሩትን ሌሊቶች ዋጋ ለወጠ።

ይህ ንግግር መጀመሪያ ያረፈው ምንዛሪው ላይ ነው።

መማሪያ መጻሕፍት ስለ ወለድና ምንዛሪ የሚሉት ነገር ሲሰሙት ምክንያታዊ ነው፦ ወለዱ ከፍ ያለ አገር ገንዘብ ውሎ አድሮ በዚያው ልክ መዳከም አለበት፤ አለዚያ ሁሉም ከርካሹ ተበድሮ በውዱ ያስቀምጥና ያለ ድካም ይከብራል። ገበያው ግን መጽሐፉን አያነብም። ኢኮኖሚስቱ ዩጂን ፋማ በእ.ኤ.አ. 1984 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ እና ከእሱ በኋላ ብዙዎች ደጋግመው እንዳገኙት፣ ወለዱ ከፍ ያለው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ሳይዳከም ይቆያል፤ አንዳንዴ ይጠነክራል ጭምር። ከዚያ አንድ ቀን በድንገት ይገለበጣል። በመካከሉ ባሉት ጸጥተኛ ወራት ሰዎች የሚሠሩትን ሥራ ገበያው ካሪ ትሬድ ይለዋል።

መርካቶ ውስጥ እቁብ ቀድሞ የደረሰው ነጋዴ የሥራውን ግማሽ ያውቀዋል። በርካሽ ያገኘውን ገንዘብ ሸቀጥ ላይ ያውልና ትርፉን እየበላ እዳውን በየሳምንቱ ይከፍላል። ልዩነቱ፣ የእቁቡ እዳም ሸቀጡም በብር መሆናቸው ነው። ካሪ ትሬድ ውስጥ ያለ ሰው እዳው በአንድ አገር ገንዘብ፣ ንብረቱ በሌላው ነው፤ አደጋውም ያለው እዚያው ላይ ነው።

በቁጥር እንየው። ሐምሌ 2016 መጀመሪያ ላይ አንድ ዶላር 161 የን ገደማ ነበር። አንድ ነጋዴ 16.1 ሚሊዮን የን በ1 በመቶ ወለድ ተበደረ እንበል፤ ሲመነዝረው 100,000 ዶላር ይሆንለታል። በአሜሪካ የአጭር ጊዜ ወለድ በዚያን ጊዜ ከ5 በመቶ በላይ ነበርና በ5.25 በመቶ አስቀመጠው። የእዳውን ወለድ ከፍሎ በዓመት 4,250 ዶላር ገደማ ይተርፈዋል። አራት ሳምንት ሳይሞላ ሐምሌ 29 ቀን አንድ ዶላር ወደ 142 የን ወረደ። ያው 16.1 ሚሊዮን የን እዳ አሁን ለመክፈል 113,000 ዶላር ይጠይቃል። ከሦስት ዓመት በላይ የሚለቀም ትርፍ በሃያ ስድስት ቀን ሄደ ማለት ነው።

ይህ ሰው 100,000ውን ሙሉ የያዘው ከሆነ አዝኖ ይቀመጣል፤ ገበያውም አይናወጥም። በተግባር ግን ብዙዎቹ ከራሳቸው ያስያዙት 10,000 ብቻ ነው፤ የቀረው ብድር ነው። የኑ 10 በመቶ ያህል ሲጠነክር ማስያዣው ያልቃል፤ አበዳሪው ስልክ ይደውላል፤ ወይ ጨምር ወይ እሸጥብሃለሁ ይላል። ሰውየው ዶላሩን ሸጦ የን ለመግዛት ይሮጣል። የእሱ ግዢ የኑን ይበልጥ ያስወድደዋል፤ ውዱ የን የሚቀጥለውን ተበዳሪ ስልክ ያስጮኻል። በባዝል የሚገኘው የዓለም አቀፍ ክፍያዎች ባንክ ከዚያ በኋላ ባወጣው ግምት፣ ይህ ዓይነቱ የየን ብድር በድምሩ 40 ትሪሊዮን የን አካባቢ ነበር፤ ወደ 250 ቢሊዮን ዶላር። ባንኩ ራሱ ቁጥሩ ሸካራ ግምት መሆኑን አልደበቀም። አብዛኛው ብድር በባንኮች ሒሳብ መዝገብ ላይ በግልጽ የማይታይ ውል ስለሆነ ልኩን የሚያውቅ የለም።

እዚህ ላይ የጃፓን ባንክ ብቻውን ጥፋተኛ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። የኑ መጠንከር የጀመረው ከስብሰባው በፊት ነው፤ የጃፓን መንግሥት በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መካከል 5.5 ትሪሊዮን የን ያህል አውጥቶ ገንዘቡን ለመደገፍ ገበያ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከዚያም ኡዌዳ በተናገሩበት ቀን ምሽት ዋሽንግተን ላይ የአሜሪካው ፌዴራል ሪዘርቭ ሊቀ መንበር ጄሮም ፓወል በመስከረም ወለድ ሊቀነስ እንደሚችል ፍንጭ ሰጡ። ዓርብ ዕለት ደግሞ የአሜሪካ የሥራ ቅጥር ዘገባ ወጣ፤ በወሩ 114,000 ሥራ ብቻ እንደተፈጠረና ሥራ አጥነት 4.3 በመቶ እንደደረሰ ተናገረ፤ ሁለቱም ከተጠበቀው የባሱ ነበሩ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ርካሹ ወለድ የሚወደድ፣ ውዱ የሚረክስ መሰለ። ካሪ ትሬድ የሚኖረው በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ነውና ከሁለቱም ጫፍ ተጨመቀ።

ዓርብ ቶኪዮ 5.8 በመቶ ወረደች። ቅዳሜና እሑድ ሰው ቤቱ ሆኖ አሰበበት። ሰኞ ጠዋት ሁሉም በአንድ በር ለመውጣት መጣ። የቶኪዮው ኢንዴክስ ኒኬይ 4,451 ነጥብ አጥቶ 31,458 ላይ ዘጋ፤ በነጥብ ሲለካ በታሪኩ ትልቁ ውድቀት ነው። በኦሳካ የሚሸጡት የኢንዴክሱ የወደፊት ውሎች ግብይታቸው ለጊዜው እንዲቆም ተደረገ። በማግሥቱ ማክሰኞ ያው ገበያ ከ10 በመቶ በላይ ተመልሶ ወጣ። ረቡዕ የባንኩ ምክትል ገዥ ሺኒቺ ኡቺዳ ሃኮዳቴ በምትባለው የሰሜን ከተማ ባደረጉት ንግግር፣ ገበያው ባልተረጋጋበት ጊዜ ባንኩ ወለድ እንደማይጨምር ተናገሩ። አንድ አረፍተ ነገር ያመጣውን መናወጥ ሌላ አረፍተ ነገር አበረደው። ወለዱ በዚህ ሁሉ መሐል ያው 0.25 በመቶ ነበር።

የቦንዱ ነገር ረጋ ብለን ካላየነው የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ስለዚህ ከሒሳቡ ልጀምር። ቦንድ ማለት ቋሚ ክፍያ የተጻፈበት ወረቀት ነው። 1,000 ዶላር የተጻፈበት፣ በዓመት 20 ዶላር የሚከፍል የአሥር ዓመት ቦንድ ይዛችኋል እንበል፤ 2 በመቶ መሆኑ ነው። ነገ ተመሳሳይ አዲስ ቦንድ 4.5 በመቶ መክፈል ቢጀምር የእናንተን በ1,000 የሚገዛ የለም። ገዢው የእናንተም ወረቀት 4.5 በመቶ እንዲያስገኝለት በቅናሽ ይፈልገዋል፤ ሒሳቡ ሲሠራ 802 ዶላር ገደማ ይመጣል። ወረቀቱ አንድ ዓመት ብቻ የቀረው ቢሆን ግን 976 ያወጣል። ኪሳራው በአንዱ ሁለት መቶ ዶላር ገደማ፣ በሌላው ሃያ አራት ዶላር ነው ማለት ነው። የወለዱ ለውጥ አንድ ነው፤ ጉዳቱን ስምንት እጥፍ ያደረገው የዕድሜው ርዝመት ነው።

ካሊፎርኒያ የነበረው ሲሊከን ቫሊ ባንክ የወደቀው በዚህ የትምህርት ቤት ሒሳብ ነው። ደንበኞቹ ወለድ ዜሮ አጠገብ በነበረበት ዘመን ያስቀመጡትን ገንዘብ ረጅም ዕድሜ ባላቸው ቦንዶች ላይ አዋለ። ፌዴራል ሪዘርቭ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ከ0–0.25 በመቶ ተነሥቶ ወለዱን እያከታተለ ሲያነሳ የቦንዶቹ ዋጋ በጸጥታ ወረደ። ወረቀቱ ከባድ አደጋ የሌለበት የመንግሥትና የመንግሥት ድጋፍ ያለው ቦንድ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ቢያዝ ሙሉ ይከፈል ነበር። ግን አስቀማጮች ገንዘባቸውን ሲፈልጉ መሸጥ ግድ ሆነ። 21 ቢሊዮን ዶላር የሚያህል ቦንድ በ1.8 ቢሊዮን ኪሳራ መሸጡን ባስታወቀ በማግሥቱ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023፣ ደንበኞች በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር ለማውጣት ተሰለፉ፤ በነጋታው ባንኩ ተዘጋ።

አሁን ወደ ቶኪዮ እንመለስ። የማዕከላዊ ባንኩ ወለድ ከጨመረ የጃፓን ቦንዶች ዋጋ መውረድ፣ የሚያስገኙት ምላሽ፣ ገበያው ይልድ የሚለው፣ መጨመር ነበረበት። የሆነው ተቃራኒው ነው። በውሳኔው ቀን ከ1 በመቶ ትንሽ አልፎ የነበረው የአሥር ዓመት ቦንድ ይልድ በዚያ ሰኞ ወደ 0.75 በመቶ ገደማ ወረደ። ከአክሲዮን የሸሸ ገንዘብ መጠለያ ይፈልጋል፤ መጠለያው የመንግሥት ቦንድ ነው። በዚያ ላይ ገበያው እንዲህ ከተናወጠ ባንኩ ቀጣዩን ጭማሪ አያደርግም ብሎ ሌሊቶቹን እንደገና ቆጠረ። በሌላ አነጋገር ባንኩ የአጭሩን ወለድ ወደ ላይ ሲገፋ ገበያው የረጅሙን ወደ ታች ጎተተው።

ያው ነገር በግልባጩ ደግሞ ዘመዶቻችንን ሜሪላንድ ውስጥ አግኝቷቸዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ቤት ለመግዛት ሁለት ዓመት ወለድ እስኪወርድ ሲጠብቅ ነበር። መስከረም 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ፌዴራል ሪዘርቭ ግማሽ የመቶኛ ነጥብ ሲቀንስ ደስ ብሎት ደወለ። እስከ ታኅሣሥ ሌላ ግማሽ እንደሚቀንሱ ሰምቷል፤ ትንሽ ልታገስ አለኝ። እነሱም ቃላቸውን ጠብቀው ቀነሱ። በጥር ሲደውል ግን ድምፁ ሌላ ነበር።

«አንተ፣ ወለድ ቀነሰ አልተባለም እንዴ? እኔ ዘንድ ጨመረ እኮ!»

እውነቱን ነው። ፍሬዲ ማክ የተባለው የቤት ብድር ተቋም በየሳምንቱ በሚያወጣው አማካይ፣ የ30 ዓመት የቤት ብድር ወለድ በመስከረም አጋማሽ 6.08 በመቶ ነበር፤ በጥር ወር 7.04 ደረሰ። በ400,000 ዶላር ብድር ላይ ይህ በወር 253 ዶላር ገደማ ልዩነት ያመጣል። ምክንያቱም የ30 ዓመት የቤት ብድር የሚከተለው የማዕከላዊ ባንኩን የአንድ ሌሊት ወለድ ሳይሆን የመንግሥትን የአሥር ዓመት ቦንድ ይልድ ነው። የመስከረሙ ቅናሽ ገና ሳይታወጅ ዋጋው ውስጥ ገብቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ዜና ሁሉ ኢኮኖሚው እንደተፈራው አልደከመም፣ የዋጋ ንረቱም ቶሎ አይረግብም የሚል ሆነ፤ የመንግሥት ብድርም ይበዛል የሚል ስጋት ታከለበት። ፌዴራል ሪዘርቭ አንድ ሙሉ የመቶኛ ነጥብ ሲቀንስ የአሥር ዓመቱ ይልድ በዚያው ያህል ወጣ። የአክስቴ ልጅ የጠበቀው ውሳኔ መጥቷል፤ የዘገየው እሱ የሚጠብቀውን ገበያው ቀድሞ መጠበቁን ባለማወቁ ነው።

ወደ አክሲዮን ስንመጣ ጸሐፊዎች ብዙ ወረቀት ያጠፉበት ሰፈር ነው፤ እኔ በአጭሩ ላልፈው እፈልጋለሁ። የተለመደው ማብራሪያ የወደፊት ትርፍ የዛሬ ዋጋ የሚለው ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚገኝ 100 ብር በ2 በመቶ ወለድ ዛሬ 82 ብር ያወጣል፤ በ5 በመቶ 61። ስለዚህ ትርፉ ሩቅ የሆነ ኩባንያ፣ ለምሳሌ ገና ያላተረፈ የቴክኖሎጂ ድርጅት፣ በወለድ መጨመር ከሌላው የበለጠ ይጎዳል። ቤን በርናንኬና ኬኔት ከትነር እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት የታወቀ ጥናት በአሜሪካ ያልተጠበቀ የሩብ ነጥብ ቅናሽ የአክሲዮን ገበያውን በአማካይ 1 በመቶ ያህል እንደሚያነሳ ለኩ። «ያልተጠበቀ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ፤ የተጠበቀው ቅናሽ ለገበያው ከቁጥር የሚገባ ነገር አላደረገለትም።

በዚህ መለኪያ ከሄድን የቶኪዮው 0.15 ነጥብ ጭማሪ አክሲዮኑን ከ1 በመቶ በታች ማውረድ ነበረበት። 12 በመቶ ከየት መጣ? ከፊሉ ከየኑ ነው። ቶዮታን የመሰሉ የጃፓን ላኪዎች መኪናቸውን በዶላር ሸጠው ሒሳባቸውን በየን ይዘጋሉ፤ በ161 የተመነዘረ ዶላርና በ142 የተመነዘረ ዶላር አንድ ዓይነት ትርፍ አይሰጥም። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ኒኬይን ከ42,000 በላይ ያደረሰውም ያው የየን መዳከም ነበር። የቀረው ግን የገበያው የውስጥ አሠራር ነው እንጂ ስለ ኩባንያዎቹ የሚናገረው ነገር የለም። ማስያዣ የተጠየቀ ሰው የሚሸጠው የሚጠላውን ሳይሆን መሸጥ የሚችለውን ነው።

የዚህ ምልክቱ የባንኮች አክሲዮን ነው። ወለድ ሲጨምር ባንክ ይጠቀማል፤ ለአስቀማጭ ጥቂት እየከፈለ ከተበዳሪ የበለጠ ይቀበላልና። በውሳኔው ቀን የጃፓን ባንኮች አክሲዮን የወጣውም በዚህ ስሌት ነው። በአምስተኛው ቀን ግን የአገሪቱ ትልቁ ባንክ ሚትሱቢሺ ዩኤፍጄ ከ15 በመቶ በላይ ወደቀ፤ ከአማካዩ የባሰ። ተጠቃሚው ከተጎጂው ጋር አብሮ ሲወድቅ ካያችሁ፣ እየተሸጠ ያለው በእዳ እንጂ በፍርድ እንዳልሆነ መጠርጠር ነው። ማክሰኞ 10 በመቶ መመለሱም ይህንን ያጠናክራል፤ የጃፓን ኩባንያዎች እውነተኛ ዋጋ በሃያ አራት ሰዓት እንዲያ ሊወዛወዝ አይችልም።

እና የአዲስ አበባው 15 በመቶ? ቶኪዮ ውስጥ ሩብ በመቶ ይህን ያህል ካንቀሳቀሰ 15 በመቶ እንዴት ዝም አለ?

የመጀመሪያው መልስ የዋጋ ንረቱ በዚያን ጊዜ 20 በመቶ የተጠጋ መሆኑ ነው፤ 15 በመቶ ከዚያ ላይ ሲቀነስ ከዜሮ በታች ነው። ዋነኛው ግን ማዕበሉ የሚሄድባቸው ቦዮች አለመቆፈራቸው ነው። አንድም የቶኪዮ ተበዳሪ የኑን ይዞ ወደ 15 በመቶው አልሮጠም፤ የካፒታል ሒሳባችን ለእንዲህ ዓይነቱ ገንዘብ ክፍት ስላልነበረ ቢገባ መውጫ አልነበረውም። የብሩ መውደቅም የወለዱ ውጤት አልነበረም፤ ለዓመታት የተያዘ ተመን ሲለቀቅ የሆነ ነው። ቦንዱንም ብንወስድ፣ ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር 20 በመቶውን ያህል የአምስት ዓመት የመንግሥት ቦንድ እንዲገዙ የሚያስገድድ መመሪያ ነበረባቸው። በግዴታ የተገዛና በእጅ የተቀመጠ ወረቀት ዋጋው በየቀኑ አይታይም፤ ስለዚህ ወለድ ሲጨምር የሚከስረው ሰው ኪሳራውን አያየውም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በይፋ ሥራ የጀመረው በጥር 2017 ነው፤ በሐምሌ 2016 የሚወድቅ የአክሲዮን ኢንዴክስ አልነበረንም።

የውጭው ወለድ ግን ከራሳችን ቀድሞ ነክቶናል። በኅዳር መጨረሻ 2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2014) ኢትዮጵያ 1 ቢሊዮን ዶላር በ6.625 በመቶ ለአሥር ዓመት ስትበደር የአሜሪካ የአንድ ሌሊት ወለድ ዜሮ አጠገብ ነበር። የጡረታ ፈንዶችና የሀብት አስተዳዳሪዎች አገራቸው ውስጥ ምንም የማያገኙበት ዘመን ስለነበር ከዚያ በፊት ስሟን ያልጠሩትን አገር ወረቀት ለመግዛት ተሻሙ። ክፍያው በየስድስት ወሩ 33 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ወለዱ አንዴ ተጽፏልና ፌዴራል ሪዘርቭ 5 በመቶ ሲደርስ እሱ አልጨመረም። የተዘጋው እዳውን በአዲስ እዳ የመተካት በር ነው፤ አሜሪካ ያለ ስጋት 5 በመቶ ስትከፍል ለእኛ በ6 ወይም በ7 በመቶ የሚያበድር አልቀረም። ጦርነቱ፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረቱና ቀደም ብሎ የተጀመረው የእዳ ሽግሽግ ጥያቄ ዋናዎቹ ምክንያቶች ናቸው፤ ይህንን መሸፈን አይገባም። ሆኖም በታኅሣሥ 2016 ያ 33 ሚሊዮን ሳይከፈል ሲቀር ዋሽንግተን ውስጥ የተወሰነው ወለድም በሒሳቡ ውስጥ ነበረበት።

በነሐሴ 2016 አንድ የቆየ ወዳጄን፣ መሀል ከተማ ያለ የባንክ ቅርንጫፍ የሚመራ ሰው፣ 15 በመቶው ሥራው ላይ ምን እንደለወጠ ጠየቅሁት። ቡናውን እያማሰለ ሳቀ። «ወለዱ ላይ ማን ደረሰ?» አለኝ። «ከዓመቱ ገና በመጀመሪያው ወር ለብድር የተፈቀደልኝን ልኬት ጨርሻለሁ። ደንበኛው 20 በመቶ ልክፈል ቢለኝም የምሰጠው የለኝም።» የሚያወራው ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ስላስቀመጠው ጣሪያ ነው። ብድር በራሽን በሚሰጥበት አገር ዋጋው የሚወስነው ነገር የለም፤ የሚወስነው ወረፋው ነው። ጣሪያው በኋላ ወደ 18 በመቶ ከፍ ተደርጎ ነበር። ባንኮች እርስ በርስ ለአጭር ጊዜ የሚበዳደሩበት ገበያም ከጥቅምት 2017 ጀምሮ ተከፍቷል፤ በዚያ ያለው ወለድ ከ15 በመቶው ሦስት ነጥብ ወደላይና ሦስት ነጥብ ወደታች ባለው ክልል ውስጥ እንዲውል ታስቦ። ወዳጄ ያን ገበያ የሚከታተል አንድ ወጣት ዋናው መሥሪያ ቤት እንደተመደበ ነግሮኛል። ልጁ ጠዋት ጠዋት በሰሌዳው ላይ የሚያየው ቁጥር ብሔራዊ ባንክ ስብሰባ በሚቀመጥበት ሳምንት፣ ከስብሰባው በፊት፣ መነቃነቅ ይጀምር እንደሆነ በየጊዜው እጠይቀዋለሁ።